ዳዊቱ ውስጥ ያስቀመጥኩት ካርድ

ፍኖተ ሰላም ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የጠበበ አሰፋለሁ። ደንበኞቼ ምላሴ እንደ መቀሴ ነው ይሉኛል፤ አልቀየማቸውም። ይህ የምነግራችሁ ነገር በደረሰብኝ ቀን ግን መቀስም ምላስም አልነበረኝም። ከቋሪት ገጠር የወጣሁ፣ ትዳሬን የፈታሁ፣ ወንድሜን ተከትዬ የምሄድ ልጅ ነበርኩ። ይታይሽ በሉኝ።

ከባሌ ከአንዷለም ጋር የተለያየሁት ግራ ጆሮዬን በጥፊ ካደነቆረኝ በኋላ ነው። ሽማግሌ ተቀመጠ። ንብረት ተቆጠረ፣ በሬው፣ በቆሎው፣ ባሕር ዛፉ ተገመተ። ድርሻዬን በጥሬ ብር ሊሰጠኝ ተስማማ። የአራት ዓመቷን ልጄን ማስተዋልን ግን በዋዛ አልለቀቁልኝም። «ቤት ተከራይታ፣ የምትበላበት ሥራ ይዛ እስከ መስቀል ከታየች ልጅቷን ትውሰድ። አለዚያ ከአባቷ ትቆይ» ብለው ፈረዱ። መስቀል ቅርብ ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ አንዲት ክፍል ቤት አየሁ፤ ያገለገለ የስፌት መኪና የሚሸጥ ሰውም አገኘሁ። ልብስ መስፋቱን ገና ልጅ ሳለሁ ከጎረቤት ተምሬዋለሁ። የቀረኝ ብሩን ተቀብዬ፣ ከፍዬ፣ ልጄን ማምጣት ነበር። ሌላ ነገር ከእግዜር አልለመንኩም።

ብሩን የተቀበልኩት በሽማግሌዎች ፊት ነው። መቀነቴ ውስጥ ቋጥሬ፣ በማግስቱ ከታላቅ ወንድሜ ከጌትነት ጋር ወደ ፍኖተ ሰላም ተሳፈርን። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። በልጅነቱ ቆሎ ተማሪ ነበር፤ ኋላ ትምህርቱን ትቶ እርሻ ገባ፣ ዳዊቱን ግን አልተወም። በቆዳ ማኅደሩ ከትከሻው አንግቶት ይዞራል። ያኔ አንቱ ነበር የምለው። አሁን «እሱ» የምለው ሆን ብዬ ነው።

መኪናው ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ አነጋገረኝ።

«ልብሽ ቆርጧል ማለት ነው?»

«ቆርጧል፣ ጋሼ።»

«ሰው ቤቱን በአንድ ጥፊ ያፈርሳል?»

«አንድ አልነበረም እኮ፣ ጋሼ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ገባው ብዬ ደስ አለኝ። እንዴት ያለሁ ሞኝ ነበርኩ።

ባንክ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። በሩ ላይ ዕድሜያቸው የገፋ ጥበቃ ፈትሸው አስገቡን። ለአዲስ ሂሳብ የተቀመጠችው ልጅ ከእኔ ብዙ አትበልጥም። ጥፍሯን ቀይ ቀብታለች፤ ቀና ብላ ሳታየኝ መታወቂያና ጉርድ ፎቶ ጠየቀችኝ። ሁለቱንም አዘጋጅቼ ነበር። የሙሉ ስሜን እስከ አያቴ፣ የእናቴን ስም፣ ቀበሌዬን እየጠየቀች ሞላች።

«ያገባሽ ነሽ ያላገባሽ?»

«ያገባች ናት» አለ ወንድሜ ከኋላዬ።

«የፈታሁ ነኝ» አልኩ እኔ።

ልጅቷ ያን ጊዜ ቀና አለች። «የፈታች?» ብላ ጮክ አለች፤ ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ። አንድ ሰውዬ ሳል ሳል አለ። አንገቴን ደፋሁ፣ ቃሌን ግን አላጠፍኩም። እሷም «የፈታች» ብላ ጻፈች።

«ስልክ ቁጥር? የራስሽ መሆን አለበት፤ ብር ሲገባም ሲወጣም መልእክት የሚመጣው በሱ ነው።» ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ነበረችኝ፤ ቁጥሯን ነገርኳት። «ትፈርሚያለሽ ወይስ በጣት ነው? በጣት የሚፈርም ካርድ አንሰጠውም፣ ደብተር ብቻ ነው።»

«እፈርማለሁ።» ፊደል ለመለየት፣ ስሜን ለመጻፍ ያህል ተምሬያለሁ። ፊርማዬን ሦስት ቦታ አስፈረመችኝ፤ አንዱ ጠመም ቢል ሰርዛ ሌላ ቅጽ አመጣች። «ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ካልሆነ ገንዘብሽን አታወጪም» አለችኝ። ቀስ ብዬ አስተካከልኩት። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄጄ መቀነቴን ፈታሁ። ገንዘብ ተቀባዩ ብሩን መቁጠሪያ ማሽን ውስጥ ከተተው፣ ማሽኑ ተንጫጫ፣ ደረሰኝ ታተመ። ስልኬ ጢጥ አለች። አውጥቼ ባይ እንግሊዝኛ ነው።

ለልጅቷ አሳየኋት። «ገንዘብሽ ገብቷል ነው የሚለው። እንዲህ ያለ መልእክት ይመጣልሻል፣ አትደንግጪ» አለችኝ።

እኔም አልደነግጥም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ።

ደብተሬንና ካርዱን አመጣችልኝ። አብረቅራቂ ነው፣ ከፊት ለፊቱ እንደ ወርቅ የሚያበራ ትንሽ ነገር ተለጥፎበታል። ካርዱን አንዲት የእጅ ማሽን ላይ ሰክታ ወደ እኔ አዞረችው። «አራት አሃዝ የሚስጥር ቁጥር አስገቢ። እኔም ማየት የለብኝም። የትውልድ ዘመንሽን አታድርጊ፣ አንድ ሁለት ሦስት አራትም አታድርጊ። በወረቀት አትጻፊው፤ ለባልሽም ለወንድምሽም ቢሆን አትንገሪ፤ ካርዱንም ለማንም አትስጪ።»

የማልረሳው ቁጥር ፈለግሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በየወሩ በ12 የሚካኤልን፣ በ21 የማርያምን ዝክር እዘክራለሁ፤ ማስተዋልን ያማጥኩትም እነሱን እየጠራሁ ነው። 1221 ብዬ ነካሁ። አሁንም ደግሜ አስገባሁ። ደህና መደበቂያ አገኘሁ ብዬ ልቤ ሞላ። የቅዱስ ቀን አታድርጊ ያለኝ ሰው አልነበረም። ማን ያስበዋል?

ከዚያ ልጅቷ ወደ ጥበቃው ላከችኝ። «አባባ ያሳዩሻል፤ መቶ ብር አውጪና ልመጂ።»

የብር ማውጫው ማሽን በሩ አጠገብ ግድግዳ ውስጥ ነው። ጥበቃው ጠመንጃቸውን ወደ ትከሻቸው ገፋ አድርገው አጠገቤ ቆሙ። «ያ የሚያበራው ወደ ላይ፣ ወደ ፊት ይሁን ልጄ። አትግፊው፣ እሱ ራሱ ይስበዋል።» ሳበው፤ የሄደብኝ መስሎኝ ጮህኩ። ሳቁ። «ይመለሳል። ቋንቋ ምረጪ፣ አማርኛ። አሁን ቁጥርሽን፣ በሌላው እጅሽ ሸፍነሽ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳትሽ ይዘጋብሻል። አንቱ፣ ወንድምዬው፣ ፊትዎን ያዙሩ!»

ወንድሜ ወዲያው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዳዊቱን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ጸሎት የሚያደርስ ይመስል ቆመ። እንዲያ ሲታዘዝ አይቼ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ገንዘብ ማውጣት የሚለውን ንኪ። ቀሪ ሂሳብ የሚለው ስንት እንዳለሽ ያሳይሻል። ይኼ ደግሞ ማስተላለፍ ነው፤ የሰውየውን የሂሳብ ቁጥር ካስገባሽ ከዚህ ወደ እሱ ይሄዳል፣ እሱን አሁን ተይው። መጀመሪያ ካርዱን ይመልሳል፣ ቀጥሎ ብሩን። ካርድሽን ሳትይዢ ከዘገየሽ መልሶ ይውጠዋል።»

ካርዴ ወጣ፣ ቀጥሎ መቶ ብሩ ወጣ። ስልኬ ጢጥ አለች፤ እንግሊዝኛ ነው፤ አልደነገጥኩም። ከማሽን ብር ማውጣቴ ያስፈነጥዘኝ ጀመር። ባለፈው ክረምት ለጨው መግዣ ባሌን ስለምን የነበርኩት ሴት አሁን ግድግዳ ታዝዛለች!

ካርዱን መቀነቴ ውስጥ ልቋጥር ስል አባባ እጄን ያዙኝ። «ኧረ አይታጠፍም! ከታጠፈ ያቺ የምታበራዋ ትሰበራለች። እንዳይረጥብም።»

የገጠር ሴት ኪስ የላትም። ያለን መቀነት ነው፤ መቀነት ደግሞ ሥራው ማጠፍና መቋጠር ነው። ዙሪያዬን አየሁ። ከወንድሜ ዳዊት የበለጠ ጠፍጣፋ፣ ደረቅ፣ የታመነ ስፍራ ምን አለ?

«ጋሼ፣ እዳዊቱ ውስጥ ይያዙልኝ» አልኩት።

ማኅደሩን ፈትቶ፣ ካርዱን በቅጠሎቹ መካከል አስገብቶ፣ መልሶ ዘጋው። «እኔ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ፣ ጨውና ጋዝም ገዝቼ እመጣለሁ። አንቺ ቤቱን እዪ። መኪና የሚሸጠው ሰውዬ ጋ እንገናኝ» አለኝ። ቁጥሬን አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ምናልባት እጠራጠር ነበር።

የምከራየው ክፍል ጭቃ ቤት ናት፤ መስኮቷ ወደ መንገድ ይከፈታል። አልጋውን የት እንደማደርግ፣ መኪናውን የት እንደማቆም በእርምጃ ለካሁ። መስኮቱ ሥር ለማስተዋል ቦታ አየሁላት፤ እኔ ስሰፋ እሷ እዚያ ቁጭ ብላ በቁርጥራጭ ጨርቅ ስትጫወት ታየችኝ። አከራይዋን «ሕፃን ልጅ አለችኝ፣ ታለቅሳለች ብለው እንዳይቆጡ» አልኳቸው። «ልጅ የሌለበት ቤት ምን ቤት ነው» አሉኝ። በዚያ ደቂቃ ነው ስልኬ ጢጥ ያለችው። አየኋት፤ እንግሊዝኛ ነው። ባንኩ ገና እንኳን ደህና መጣሽ እያለኝ ይሆናል ብዬ ፈገግ ብዬ መለስኳት።

የስፌት መኪናው ነጋዴ ሱቅ ስደርስ ወንድሜ ቀድሞኝ መጥቷል። ነጋዴው መኪናዋን ዘይት ቀብቶ፣ ጨርቅ ላይ አስኪዶ አሳየኝ። ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው። ካርድ መቀበያ ማሽን አለው። ወንድሜ ዳዊቱን ከፍቶ ካርዴን ሰጠኝ። ነጋዴው ማሽኑ ላይ ዋጋውን ጻፈ፣ ካርዱን ሰካ፣ ወደ እኔ አዞረው። ሸፍኜ 1221 አልኩ። ማሽኑ ትንሽ አሰበና ጮኸ።

«ቀሪ ሂሳብሽ አይበቃም ይላል» አለኝ ነጋዴው።

«አይሆንም። ዛሬ ነው ያስገባሁት።»

እንደገና ሞከርን። እንደገና ጮኸ።

«ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?»

«ማሽኑ ደህና ነው። ኔትወርክ ቢሆን ሌላ ነው የሚለው። ሂጂና ባንኩ ጋ ቀሪ ሂሳብሽን እዪ።»

ወንድሜን አየሁት። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ወደ መንገዱ ያያል። «ጋሼ፣ ምን ይሆን?» ብለው «እንሂዳ፣ እዪው» አለኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ፤ እሱ በዝግታ ተከተለኝ። አባባ ሲያዩኝ «ምነው ልጄ?» አሉኝ። ማሽኑ ካርዴን ሳበ። አማርኛ። ቁጥር። ቀሪ ሂሳብ። ጽሑፉን አነበብኩት፤ ሂሳቡ እንዳይዘጋ የሚቀረውን ያህል ጥቂት ብር ብቻ ነው ያለው።

ባንኩ ሊዘጋ ነው። ባለ ቀይ ጥፍሯ ልጅ ፊት ቆሜ ደብተሬንና ካርዴን ጣልኩላት። ኮምፒውተሯን አየች። ስልኬን ተቀብላ የመጨረሻዋን መልእክት አነበበች።

«ተላልፏል። በኤቲኤም ነው፣ እዚሁ በራችን ላይ ካለው። መልእክትም ደርሶሻል።»

«ለማን?»

«አንዷለም ለሚባል ሰው። ታውቂዋለሽ?»

ባሌ ቋሪት ነው ያለው። እንዴት አድርጎ እዚህ መጣ? ማን ቁጥሬን ነገረው?

«እኔ ነኝ» አለ ወንድሜ።

ከኋላዬ ቆሟል። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። አሁንም ያ ረጋ ያለ ድምፁ በቀኝ ጆሮዬ አለ።

«ማንም አልሰረቀሽም። ብሩ ከወጣበት ቤት ገባ፤ አንቺም ትከተይዋለሽ። የሂሳብ ቁጥሩን አንዷለም ትናንትና ሰጥቶኛል።»

«የኔንስ ቁጥር ከየት አገኙት ጋሼ?»

«ያሳደግሁሽ እኔ አይደለሁም? ከሚካኤልና ከማርያም ሌላ ምን ታውቂያለሽ? መጀመሪያ ማርያምን አስቀድሜ ነካሁ፣ ስህተት ነው አለኝ። ሚካኤልን አስቀደምኩ፣ ከፈተልኝ። እነሱ ባይፈቅዱ ይከፈት ነበር?»

ሰልፉ ውስጥ የነበሩት ሰሙ። ጠዋት የሳለው ዓይነት አንድ ሰውዬ «እግዜር ይስጥህ፣ ትዳር አቃናህ» አለው። ሌላዋ ሴትዮ «ወንድሟ ከሆነማ ምን ያስለቅሳታል» አለች። ማልቀሴን እንኳ አላወቅኩም ነበር።

ልጅቷን «መልሺልኝ» ብዬ ለመንኳት። እሷም፣ ለክፋት ሳይሆን፣ እንደ ትምህርት ቤት ጥያቄ መለሰችልኝ። «ካርዱ ያንቺ፣ የሚስጥር ቁጥሩ ያንቺ ነው። ማሽኑ ያየው አንቺን ነው። ከተቀባዩ ሂሳብ እኛ ዝም ብለን ብር አናወጣም። እሱ ይመለስ ብሎ ካልፈረመ፣ ወይ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልመጣ አንችልም። ለማንም አትስጪ አላልኩሽም?» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። እውነቷን መሆኑ ነው ያቃጠለኝ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መዝጋቢው ማን እንደወሰደው ጠየቀኝ፤ «ወንድሜ» ስለው ብዕሩን አስቀመጠ። «ልታሳስሪው ነው? ያሳደገሽን? ሂጂና በሽማግሌ ጨርሱ።» ሽማግሌዎቹ እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ።

በማግስቱ አገሬ ገባሁ። አንዷለም ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ታጥቧል፤ የሠርጉን ጋቢ ለብሷል። ማስተዋል ስታየኝ ሮጣ እግሬን አቀፈች። አዘልኳት። «እማ፣ ለምን ቆየሽ?» አለችኝ።

«ብሩ አለ» አለ አንዷለም። «ቤቱም አለ። ልጅሽም አለች። ግቢ። ልጅቷን ይዘሽ መግባት እንጂ ይዘሽ መውጣት የለም።»

ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። ወንድሜ ከመካከላቸው ዳዊቱን ይደግማል። «ቤት ይዘሻል? ሥራስ ይዘሻል?» አሉኝ። አልያዝኩም። ያሉትን ሊፈጽሙ ነው፤ የገዛ ቃላቸውን አንዲት ፊደል ሳይለውጡ።

ልግባ ብዬ አንድ እግሬን መድረኩ ላይ አድርጌያለሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፤ ለእሷ ስል ልገባ ነበር። ያን ጊዜ አንዷለም ከደስታው ብዛት ይመስለኛል፣ ቀረብ ብሎ በደነቆረው ጆሮዬ በኩል የሆነ ነገር አለኝ። አልሰማሁትም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ አየሁት፤ እየሳቀ ነበር። ጆሮዬን ማን እንደወሰደው እሱ ረስቶታል። ማስተዋልን ከጀርባዬ አውርጄ አስቀመጥኳት። እስከ ወንዙ ድረስ ጩኸቷ ተከተለኝ፤ ከወንዙ ወዲህ ውኃው ሸፈነው።

ክስ አቅርቤ ነበር። ካርዱን በገዛ እጄ መስጠቴን አልካድኩም፤ ብሩን ወደ ቤቴ እንድመልስ ተስማምቼ ነበር ብለው የመሰከሩት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው። መዝገቡ ተዘጋ። ሰው ቤት ተቀጥሬ፣ በሰው መኪና እየሰፋሁ፣ ያቺን መኪና በገዛ ገንዘቤ ስገዛ ልጄ ትምህርት ቤት ገብታ ነበር። መስቀል ስንት ጊዜ አልፏል መሰላችሁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ካርድ አዲስ ያወጣችሁ፣ በተለይ እንደኔ ከገጠር የመጣችሁ እህቶቼ፣ ስሙኝ። መልእክት ሲመጣ የማታነቡት ከሆነ የምታነብ ሴት ፈልጉ፤ ባንኩን በአማርኛ ላኩልኝ በሉት፤ ይልካል። ኪስ አሰፉ። እኔ ጋ ብትመጡ ለካርድ የሚበቃ ኪስ በነፃ እሰፋላችኋለሁ፣ ቀሚሳችሁ ውስጥ፣ ከጎን። ካርዳችሁ ከእጃችሁ ከወጣ በዚያው ቅጽበት ባንኩ ጋ ደውላችሁ አስዘጉት። ሌባ ከመንገድ አይመጣም አልላችሁም፤ ይመጣል። ነገር ግን የመንገዱ ሌባ ማንን እንደምትወዱ አያውቅም። የኔው ያውቅ ነበር።

ወንድሜ በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ይመጣል። አላስወጣውም፤ ዝክሩ የእኔ ሳይሆን የመልአኩ ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመርቃል። ይቅርታ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ «ልብሽ እንዴት ጠነከረ» አለኝና ጠላውን ጨለጠው።

ባለፈው ቡሬ ገበያ በርበሬ ልገዛ ሄጄ ማስተዋልን ከእንጀራ እናቷ ጋር አየኋት። ረዝማለች። ጥርሷ የእኔው ነው። እንጀራ እናቷ «ሰላም በያቸው» ስትላት ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝና «እንደምን ዋሉ፣ እትዬ» አለችኝ። እትዬ! ደህና ዋልሽ ብዬ መለስኩላት። ሌላ ምን እላለሁ?

የማጠራቅመው ለእሷ ነው። በስሟ ሂሳብ ልከፍትላት ሞክሬ ነበር፤ የልደት ምስክር ወረቀቷን አምጪ አሉኝ፤ እሱ ደግሞ አባቷ ጋ ነው። ስለዚህ በእኔው ሂሳብ ይቀመጣል። ቁጥሩን ቀይሬዋለሁ። የማንም ቅዱስ ቀን አይደለም፣ የማንም ልደት አይደለም፣ ከምወደው ነገር ሁሉ የራቀ አራት አሃዝ ነው።

ማንም አይገምተውም። እሷም ጭምር።